የውስጥ መስመር ባለሟሎች

ከምሽቱ 3፡30 ሲሆን «እንዴት አመሸህ ልጄ?» የምትል መልእክት በውስጥ መስመር ትገባለች። ላኪው የአራተኛ ፎቁ ጋሼ ናቸው። ሰላምታቸው ሳይመለስ ወደ ጉዳይ መግባትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክል ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁና የ3 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ሁለት ደቂቃ ተኩሉ ስለ ጤናዬ ነው፤ በቀረችው ግማሽ ደቂቃ ለውሃ ፓምፑ ማሠሪያ በየቤቱ ስንት እንደ ደረሰና እስከ መቼ እንደሚከፈል ይጠይቃሉ።

ትሕትናቸውን ሳላደንቅ አላልፍም። በሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያሉትን 60 አባወራዎች በአንዲት ጥያቄ ላለማስቸገር ሲሉ አንድ ሰው ብቻ መርጠው ያስቸግራሉ። ግሩፑ አደባባይ ነው፤ በአደባባይ ማንም ይጠይቃል፤ እልፍኝ የሚገባው ግን ባለሟል ብቻ ነው። እኔም ማንም ደጅ ጠንቶኝ የማያውቅ ሰው በእነዚህ ባለሟሎች ቸርነት ለሹመት በቅቻለሁ፤ የምሾመውም የምሽረውም ባይኖረኝ፣ ፓምፑ መቼ እንደሚሠራ አውቃለሁ ተብሎ ይታመናል።

የልማዱን በረከት ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ያንኑ ጥያቄ 11 ሰዎች ለየብቻ ጠየቁኝ፤ ለ11ዱም ለየብቻ መለስኩ። ለመጀመሪያዎቹ «350 ብር፣ እስከ ቅዳሜ» አልኩ። ሐሙስ ዕለት ባለሙያው ሌላ የተቃጠለ ዕቃ በማግኘቱ መዋጮው 420 ብር ሆነ፤ ቀኑም ወደ ማክሰኞ ተሻገረ። መልሱን ግሩፑ ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ አንዱን መልእክት አርሜ ከላይ ፒን ማድረግ ይበቃኝ ነበር። በየእልፍኙ የተበተነውን መልስ ግን ለማን ምን እንዳልኩ እያስታወስኩ መልቀም ነበረብኝ፤ ሁለቱን ዘነጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት 350፣ ሌላዋ 420 ብር መባላቸውን ሲያወሩ ሰባ ብሩን ማን እንደ በላው ለማወቅ ብዙም አልተቸገሩም።

ባለሟልን ወደ አደባባይ የሚመልስ ፈጣን መድኃኒት ጀግኖች አድሚኖች ያውቃሉ፤ መልእክቱን ፎርዋርድ አድርጎ «እባካችሁ እንዲህ በውስጥ አትጠይቁ» ማለት ነው። ቴሌግራም ካልከለከሉት በቀር የላኪውን ስም ከላይ ስለሚጽፍ ሕንፃው በሙሉ ይማርበታል። አንድ ጊዜ ሞክሬው ፍጹም ውጤት አግኝቻለሁ። ያ ጎረቤት በውስጥ መስመር መጠየቁን ተወ፤ በግሩፕ መጠየቁንም ተወ፤ በሊፍት ውስጥ ሰላም ማለቱንም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ወኔ የሌለን ፈሪዎች ግን በዙሪያ እንሄዳለን። ለጋሼ ሰላምታቸውን አሟልቼ ከመለስኩ በኋላ «ጋሼ፣ ይህን ሌሎችም ሳይፈልጉት አይቀሩም፤ ስምዎን ሳላነሣ ግሩፑ ላይ ልመልሰው?» አልኳቸው። ሲፈቅዱ ጥያቄውን በራሴ ቃል ጻፍኩት፤ እርሳቸው ያሉትን ቃል በቃል ብገለብጠው «ልጄ» የምትለዋ ብቻ ታጋልጣቸው ነበር። መልሱን ከሥሩ አስቀምጬ የመልእክቱን ሊንክ ላክሁላቸው። ሊንኩን ሲነኩት ግሩፑ ውስጥ መልሱ ያለበት ቦታ ላይ ስለሚያደርሳቸው፣ ማንም ሳይጎትታቸው አደባባይ ወጡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በግሩፕ ለሚመጣ ጥያቄ በ10 ደቂቃ፣ በውስጥ ለሚመጣው ደግሞ በማግስቱ መመለስ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ውዝፍ ያለበት፣ ሕመም የገጠመው ወይም በጎረቤቱ ላይ አቤቱታ ያለው ሰው ግን የእልፍኝ ጉዳይ ስለያዘ እንደ ድሮው እዚያው ወዲያው ይስተናገዳል።

ጋሼ ለምን አደባባዩን እንደሚሸሹ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በስልክ አማርኛ መጻፍ ያዳግታቸዋል፣ የፊደል ስህተታቸውን 60 ሰው እንዲያይባቸውም አይፈልጉም። ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ ሆን ብዬ በድምፅ ላክሁ፤ ግሩፑ ላይም በድምፅ መናገር እንደሚቻል ታየ።

በሦስተኛው ሳምንት የጋሼ ድምፅ ግሩፑ ላይ ተሰማ። ገና ጀማሪ የአደባባይ ሰው መልስ ካጣ ወይም አንድ ጎረምሳ የሳቅ ምልክት ከለጠፈበት እስከ ወዲያኛው ወደ እልፍኙ ይመለሳልና፣ ራቴን ትቼ በአክብሮትና በዝርዝር መለስኩላቸው። እፎይ ብዬ ስልኩን ሳስቀምጥ በውስጥ መስመር አንዲት መልእክት ገባች።

«እንዴት አመሸህ ልጄ? ግሩፑ ላይ ጠይቄሃለሁ፤ አየኸው?»