ዝም ላለ ሰው አማካይ አይናገርለትም

«የጎደለውን በአማካይ ሙሉት። አማካዩ እንደሆነ አይለወጥ፣ ምን ጉዳት አለው?»

ይህን ያሉት የአንድ ጥናት ኃላፊ ናቸው። የገቢ ጥያቄውን ብዙ ሰው ሳይመልስ ማለፉ ሲነሳ በአንድ አረፍተ ነገር ዘጉት። ውሳኔውም በዚያው ጸደቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

አማካዩ አይለወጥም፣ እውነት ነው። ችግሩም ይኸው ነው! ሲጀመር የተዛባ ከሆነ፣ ተዛብቶ ይቀጥላል።

አሥር ሰዎች እንውሰድ። የወር ገቢያቸው በሺህ ሲቆጠር 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 20 እና 36 ነው። ድምሩ 100፣ አማካዩ 10። እንግዲህ 20 እና 36 የሚያገኙት ሁለቱ ገቢያቸውን መናገር አልፈለጉም እንበል። የቀሩት ስምንት ሰዎች አማካይ 5.5 ነው። የሁለቱን ረድፍ ብትሰርዙ 5.5፤ በአማካይ ብትሞሉም 5.5። ከእውነተኛው ግማሽ ያህሉ በሁለቱም መንገድ ጠፍቷል።

ታዲያ መሙላቱን ለምን ለይቼ እጠላለሁ? መሰረዝ ቢያንስ የቀሩት ስምንት እንደሆኑ አይደብቅም። መሙላት ግን አሥር ሰው የመለሰ ያስመስላል። የስምንቱ ገቢ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ገቢዎቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን፣ 2.45 ነው። ሁለት 5.5 ሲጨመርበት ወደ 2.16 ይወርዳል። የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም አማካዩ ምን ያህል አጠራጣሪ እንደሆነ የሚለካው ቁጥር፣ ደግሞ ከ0.87 ወደ 0.68 ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ አንድም አዲስ ሰው አልተናገረም። አዲስ መረጃ ሳይገባ እርግጠኝነታችን ጨመረ። ይህንን ሪፖርት ላይ አትሞ ማውጣት፣ በእኔ እምነት፣ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ሁለቱ ሰዎች ከሁሉም ሰፊ ቤት ያላቸው ቢሆኑስ? ፋይሉ ውስጥ ሰፊው ቤት 5.5 ሺህ ከሚያገኝ ሰው ጎን ይቀመጣል። በገቢና በቤት ስፋት መካከል የነበረው ዝምድና ይላላል። ከዚያ ተንታኙ «ገቢና ቤት ብዙም አይገናኙም» ብሎ ይጽፋል። ያንን ያለው መላሹ ሳይሆን የሞላው ሰው ነው።

«እንግዲያው እንሰርዝ» የሚሉም አሉ። መልሱ የጠፋው በአጋጣሚ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥቂት ቅጾች ውሃ ነክቷቸው ከሆነ፣ አልከራከርም። ነገር ግን አሥር ጥያቄዎች ቢኖሩና በእያንዳንዱ 5 በመቶው መልስ ቢጎድል፣ ጉድለቱም በየሰዉ የተበታተነ ቢሆን፣ ሁሉንም የመለሰ ሰው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ1000 ሰው 400ው ተጣለ ማለት ነው። አንዱ የዘለለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የሰጣቸው ዘጠኝ መልሶች ግን አብረው ሄዱ።

ትክክለኛው ነገር «አልመለሰም»ን ራሱን የቻለ ምድብ ማድረግ ነው። አንድ ምድብ ብቻም አይበቃም። «አልተጠየቀም»፣ «አላውቅም» እና «መናገር አልፈልግም» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅ የሌለውን ሰው የልጁን ዕድሜ ባለመመለሱ ከእምቢተኞች ጋር መቁጠር አይቻልም። ለሦስቱ የተሰጣቸው ኮድ 97፣ 98፣ 99 ከሆነም ተጠንቀቁ፤ ሶፍትዌሩ እንደ ቁጥር ያነበዋል። በዕድሜ ዓምድ ላይ ድንገት ብዙ የ99 ዓመት አዛውንት ካያችሁ፣ የተፈጠረው ይህ ነው።

ምድቡ ሲለይ እነዚያ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። «መናገር አልፈልግም» ያሉት ሁሉ ሰፊ ቤት ያላቸው መሆናቸው በአንድ ሠንጠረዥ ይወጣል። ዝምታው ራሱ መረጃ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ነገር ከሌሎቹ ጋር ያለውን ዝምድና በሚለካው ሪግሬሽን ውስጥ ይህን ምድብ እንደ ተቆጣጣሪ ተለዋዋጭ ማስገባት ውጤቱን ሊያዛባ እንደሚችል አውቃለሁ። እዚያ ጋ ጉድለቱን በተለያዩ ግምቶች ደጋግሞ ሞልቶ ልዩነታቸውን መዘገብ ይሻላል። ለዚያም ቢሆን ማን እንዳልመለሰ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ በፓይተን pandas ሥራው ከነመሙላቱ ሁለት መስመር ነው፦

```
df["income_missing"] = df["income"].isna()
df["income_filled"] = df["income"].fillna(df["income"].mean())
```

የመጀመሪያው መስመር ካለ፣ የሁለተኛው ስህተት ነገ ሊታረም ይችላል። ለእኛ የተላከው ፋይል ግን ያ መስመር የለውም። የገቢ ዓምዱን ስከፍት አንድ ቁጥር እስከ ነጥቦቹ ሳይለወጥ ከላይ እስከ ታች ተደጋግሟል። የትኛው ሰው ያንን ገቢ እንደተናገረ፣ የትኛው ዝም እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ መለየት አይቻልም። ኃላፊው ሌላውን ሁሉ ይተዉት፤ ያልተሞላውን የመጀመሪያ ፋይል ይላኩልን።