የተቃጠለው ፓምፕና የሸበላው ፈገግታ

«ልጁን አይታችሁታል? ፊቱ ላይ እኮ ያስታውቃል። ይሄ ሥራውን ያውቃል።»

ይህን ያሉት ባለፈው እሑድ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ውኃ ወደ ፎቅ የሚገፋው ፓምፓችን ተቃጥሎ የሚጠግነውን ሰው እየመረጥን ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ጣጣውን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ሁለት ባለሙያዎች ቀረቡ። አንደኛው ሸበላ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥርሱ በረዶ የመሰለ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ፓምፑን ሙሉ ለሙሉ እናስተካክላለን።» ከሥሩ ዋጋ። ሌላው ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ ቱታው ግራሶ የጠጣ ሰውዬ ነው። እሱ ግን ምድር ወርዶ አይቶ ነው የጻፈው። የታችኛው ታንከር ፍሎተር ተበላሽቷል። ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን አያጠፋውም። ሞተሩ የተቃጠለው ባዶውን ሲዞር ነው። ፍሎተሩ ሳይቀየር ሞተሩን ብታስጠቀልሉ መልሶ ይቃጠላል።

ኮሚቴው ሸበላውን መረጠ።

ስንቃወም ሰብሳቢው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ መልክ አላየሁም፣ ወረቀቱን ነው ያየሁት።» የትኛውን ወረቀት? ያቺን አንድ መስመር?

ይህ ነገር ድሮ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1974 ላንዲና ሲጋል የተባሉ ተመራማሪዎች ለ60 ወንድ ተማሪዎች ድርሰት እየሰጡ አስገመገሙ። ጥሩ ድርሰት አለ፣ ደካማ ድርሰት አለ። ጸሐፊዋ ናት ተብሎ ለአንዳንዱ የቆንጆ፣ ለአንዳንዱ የቆንጆ ያልሆነች ሴት ፎቶ ተያያዘበት። ጥሩው ድርሰት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ጉዱ ደካማው ላይ ነው። ያው ድርሰት፣ ቃል ሳይለወጥ፣ በቆንጆዋ ስም ከዘጠኝ 5.2 ሲያገኝ በሌላዋ ስም 2.7 አገኘ። ልብ በሉ፣ ውበት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሥራው ለተበላሸ ሰው ነው። ጥሩ የሠራውንማ ሥራው ያወጣዋል። የአንድ መስመሯ ወረቀት ምስጢርም ይኸው ነው። ያንኑ መስመር ባለ ጠባሳው ጽፎት ቢሆን ሰብሳቢው «ይሄ ሰው ያሾፍብናል እንዴ?» ብለው ይወረውሩት ነበር።

ደግሞ የሚገመግም ሰው መታለሉን አያውቀውም። ሰብሳቢው እየዋሹ አይደለም፤ ወረቀቱን ያነበቡ መስሏቸዋል። ለዚህ ነው «እኔ በመልክ አልሸወድም» የሚል ሰው የሚያስፈራኝ።

ሸበላ ሁሉ ሰነፍ ነው አልወጣኝም። ግን ወረቀቶቹን ሰዎቹ ሳይገቡ፣ ስማቸውን ሸፍነን አንብበን፣ ነጥብ ሰጥተን፣ ከዚያ በሩን ብንከፍት ምን ይጎድልብን ነበር? አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይባል የለ? እኛ ስሙንም ነፈግነው።

ሞተሩ ማክሰኞ ተጠቅልሎ ገብቷል። ፍሎተሩ ያው ነው። አራተኛ ፎቅ ያላችሁ፣ ጀሪካናችሁን እንዳትጥሉ።