ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?
«እናቴ ሁዳዴን ሙሉ እንቁላልም ቅቤም አልቀመሰችም፤ ታዲያ ኮሌስትሮሏ ከየት መጣ?» ላልሽው እህቴ፣ ከራሷ ሰውነት ነው። ሰውነታችን በቀን 1 ግራም ገደማ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ ዋናው ሠሪ ጉበት ነው። አንድ የእንቁላል አስኳል ያለው 200 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም ወደ ደም የሚገባው ግማሹ ያህል ነው። ከምግብ ብዙ ሲመጣ ጉበት የራሱን ይቀንሳል፣ ሲያጥረው ደግሞ ይጨምራል። ቅቤው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚረጋው ስቡ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እየለቀመ እንዳያነሳ ያደክመዋል። የእኔ እናት ከፋሲካ በኋላ እንቁላሏን ሳትተው የወጡን ቅቤ ብቻ ቀነሰች፤ በምርመራው ወረደላት። በዘር የመጣ ከሆነ ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም። በጾምም በጣም ከፍ ብሎ ከቆየ ሐኪም ይየው፤ አንቺም ተመርመሪ።