ስምንት ዓመት ሥራ በመቀስ

«የኢትዮጵያውን ልምድ ከሬዙሜያችሁ አውጡት። እዚህ አገር ማንም አያውቀውም። ሃይስኩል ጨርሻለሁ ብላችሁ ጀምሩ።»

ይህን ያለችው የኛው ልጅ ናት። ሰሞኑን ሜሪላንድ ውስጥ ለአዲስ መጤዎች በተዘጋጀ የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ላይ አማካሪ ሆና ቀርባ ነው። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። አብዛኛው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። እኔ የአክስቴን ልጅ ላደርስ ሄጄ፣ ቡናዬን እንደያዝኩ ኋላ ወንበር ላይ ቀረሁ። እሷም ጻፈች። ዲግሪ አላት፣ ስምንት ዓመት አካውንታንት ሆና ሠርታለች፣ «ሃይስኩል» ብላ ጻፈች።

«ማንም አያውቀውም።» እሺ፣ ምኑን ነው የማያውቀው? የድርጅቱን ስም ከሆነ እውነት ነው። የሜሪላንድ ቀጣሪ ኦሃዮ ገጠር ያለ የቧንቧ ዕቃ መደብርም ስም አያውቅም። ከኦሃዮ የመጣውን ሰውዬ ግን «አውጣው» የሚለው የለም። ቀጣሪው ስሙን ዘሎ ከሥሩ ያለውን ያነባል። ድርጅቱ ምን ይሠራል? ይሄ ሰው እዚያ ምን ሠራ? ምን ያህል? በምን? የኛ ሰው ችግር ስሙ አለመታወቁ ሳይሆን ከስሙ ሥር የጻፈው ነው። ያንን ማስተካከል አንድ ሰዓት ይፈጃል። «አውጡት» ማለት አንድ ሰከንድ ነው። ምክሩ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

ማታ ቤት ገብተን የድሮውን ሬዙሜዋን ከፈትነው። ከላይ ጉርድ ፎቶ አለ። ጾታ፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ። አዲስ አበባ ይህ ሁሉ ደንብ ነው፤ እዚህ ግን ቀጣሪው እንዲያየው የማይፈልገው ነገር ነው፣ በዕድሜ ወይም በትዳር አድልተሃል እንዳይባል ይፈራል። እሱን ሰረዝነው። በመሰረዝ የምስማማው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ከዚያ ሥራው መጣ። «አካውንታንት፣ ከ2004 እስከ 2012።» ከሥሩ ሦስት መስመር፤ የሂሳብ ሥራ መሥራት፣ ቫት ማሳወቅ፣ እና ሁላችንም የምናውቃት «ከቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን»። ይቺ የመጨረሻዋ ከሥራ መደብ መዘርዝር በቀጥታ የተገለበጠች ናት። ምንም አትናገርም።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። 2004 እና 2012 የኛ አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ እንዲያ ስለሚል እንዳለ ገልብጣዋለች። ሥራ የጀመረችው መስከረም 2004 ነው፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2011። የለቀቀችው ጥር 2012 ነው፣ ጃንዋሪ 2020። በወሩ አሜሪካ ገባች። አሁን ያንን ወረቀት በቀጣሪው ዓይን አንብቡት። ሴትየዋ በ2012 ሥራ አቆመች፣ አሜሪካ የገባችው በ2020። ስምንት ዓመት ምን ስታደርግ ነበር? አንድ ቀን ሥራ ፈትታ የማታውቅ ሰው በካላንደር ምክንያት ስምንት ዓመት ቤቷ ተኝታ ታየች። ስንት ቦታ አመልክታ ስልክ ያልተደወለላት በዚህ ይሁን በሌላ ማረጋገጥ አልችልም። እኔ ግን በዚህ ነው እላለሁ።

የአማካሪዋ መፍትሔ ደግሞ ይህንኑ ቀዳዳ ማስፋት ነው። ልምዱን ስታወጪው ከሃይስኩል እስከ ዛሬ ያለው ዕድሜ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ቀጣሪ የማያውቀውን ድርጅት ሲያይ ይጠይቃል፤ ባዶ ቦታ ሲያይ ወደሚቀጥለው ወረቀት ያልፋል።

«ስንት ሰው ደመወዝ ትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«መቶ አርባ።»

«በምን?»

«በፒችትሪ ነዋ።»

በቃ፣ ሬዙሜው እዚህ ጋ ነበር። የአገራችን አካውንታንት ሁሉ የሚምልበት ፒችትሪ የአሜሪካ ሶፍትዌር ነው፤ ዛሬ ስሙ ሴጅ 50 ነው። «ሴጅ 50፣ የቀድሞ ስሙ ፒችትሪ» ብለን ጻፍነው። ማንም አያውቀውም የተባለው ልምድ ግማሹ ከዚሁ አገር የተገዛ ነበር።

ቀጠልን። ከድርጅቱ ስም ኋላ ያለችውን ፒኤልሲ አወጣናት። እኛ አገር የግል ማኅበር ማለት ናት፤ እንግሊዞች ግን በዚያው ምህጻር የሚጠሩት አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ የሚችል ኩባንያ ነው። በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፤ «አዲስ አበባ የሚገኝ፣ 140 ሠራተኞች ያሉት የግንባታ ዕቃ አስመጪ።» አሁን የድርጅቱ ስም ባይታወቅስ ምን ይጎዳል?

ቫት የሚባል ታክስ አሜሪካ የለም። ስለዚህ «በየወሩ ለአገሪቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሽያጭ ታክስ ማስታወቂያ አዘጋጅቶ ማቅረብ» ሆነ። የደመወዙ ሥራ፣ የገቢ ግብር መቁረጥና ጡረታ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው 11 በመቶ ከአሠሪው፣ ለማንም የፔይሮል ሰው ግልጽ ነው፤ ብቻ መጻፍ አለበት። ለውጭ ዕቃ ግዢ በባንክ ኤልሲ መክፈቷንና ከጉምሩክ ሰነድ ጋር ሂሳብ ማመሳከሯን ጭራሽ ረስታው ነበር። ብሩን ግን ወደ ዶላር አልመነዘርንም። ምንዛሪው እንደምታውቁት ነው፣ የዛሬው ቁጥር የዚያን ጊዜውን ሥራ ያሳንሰዋል። 140 ሰው ግን በየትም አገር 140 ሰው ነው።

ዲግሪውስ? እሱም ይቆያል። ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ካሉት ገምጋሚ ድርጅቶች አንዱ አይቶ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ካለ፣ ያንን በአንድ መስመር ከሥሩ መጻፍ ነው። ለተራ ሥራ አጠቃላዩ ግምገማ ይበቃል፤ ሲፒኤ የሚባለውን የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ የሚያስብ ሰው ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረውን ይጠይቅ። አዎ፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ይላክ ይባላል፣ ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ከዚያ ጋር ይጨቃጨቃል። ግምገማው እስኪመጣ ግን ዲግሪው አለ። የተማረችበት ዓመትም አልጠፋም።

አንድ ነገር ልመን። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ያለው ሰው የአገር ቤት ማዕረጉን እንደ እዚህ ፈቃድ አድርጎ መጻፍ የለበትም፤ በሕግ ያስጠይቃል። «በኢትዮጵያ ፈቃድ ያላት ነርስ» ብሎ መጻፍ ግን እውነት ነው፣ ወንጀልም አይደለም። ለነገ የሚጀመር የመጋዘን ሥራ ዲግሪ ማሳየት ያስፈራል ለሚሉም፣ ለዚያች ሥራ ብቻ አጭር ወረቀት ያዘጋጁ። ሁለት ሬዙሜ መያዝ ማን ከለከለ? አማካሪዋ ግን ለመጋዘን አላለችም። ለሁሉም ነው ያለችው። ከፊቴ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰውዬ ነበር፤ እሱም ጽፏል።

ሥልጠናው ቅዳሜም ይቀጥላል ተብሏል። የአክስቴ ልጅ «ተው፣ ሴትየዋን እንዳታስቀይማት» አለችኝ። የፊዚክሱ ሰውዬ ወንበሩን አይቀይርም ብዬ እገምታለሁ፤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ላቦራቶሪ ነበራችሁ ወይ ብዬ ነው፣ ቀጥሎ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ።