ለሠላሳ ሦስት ከመቶ የቀረበ ውዳሴ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ሊመሰገን የሚገባው አንድ ልማድ አለ። ቀድሞ ሥራ ለመቀየር ያሰበ ሰው በሙያው ያለ ዘመድ ፈልጎ፣ ቡና ጋብዞ፣ «እናንተ ዘንድ ሰው ይፈለጋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ከዚህ ኋላ ቀርነት ተገላግለናል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የመጪውን ዐሥር ዓመት የሥራ ትንበያ በየዓመቱ በሠንጠረዥ ያወጣል፤ እኛም ከሠንጠረዡ ትልቁን መቶኛ መርጠን ቀሪ ዕድሜያችንን እናስረክበዋለን።

ከልማዱ ሊቃውንት አንዱ የማኅበራችን አባል ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ታክሲ የነዳ ቁም ነገረኛ ሰው። አንድ ቅዳሜ፣ ድፎው ገና ሳይቆረስ፣ ስልኩን አውጥቶ የ2023–33ን ትንበያ አሳየን፦ የመረጃ ደኅንነት ተንታኝ፣ ዕድገት 33 ከመቶ። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣች ነርስ እኅታችን «የእኛስ ስንት ይላል?» ብትለው «6 ከመቶ» አላት፤ የአነጋገሩ ለዛ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ዓይነት ነበር።

እዚህ ላይ ምቀኛ ሰው ሒሳብ ማንሣቱ አይቀርም። በ2023 በመላው አሜሪካ የነበሩት የደኅንነት ተንታኞች 180,700 ገደማ ስለነበሩ፣ 33 ከመቶ ማለት በዐሥር ዓመት 59,100፣ በዓመት ደግሞ ስድስት ሺህ የማይሞላ አዲስ ሥራ ነው። ነርሶቹ ግን ከ3.3 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ያ የተለቀሰለት 6 ከመቶ በዐሥር ዓመት 197 ሺህ ያህል አዲስ ሥራ ያመጣል። ምቀኛው በዚህ አያበቃም፤ በዚያው ሠንጠረዥ ዳር «ዓመታዊ ክፍት የሥራ ቦታ» የሚል ዐምድ አለ ይላል። ቢሮው በዚያ ዐምድ አዲስ የሚፈጠረውን ብቻ ሳይሆን ጡረታ በወጡና ሙያውን ትተው በሄዱ ሰዎች ምትክ የሚፈለገውንም ይቆጥራል፦ ለተንታኝ 17,300፣ ለነርስ 194,500። ከነርሶቹ ክፍት ቦታ ከዐሥር ዘጠኙ እጅ የሚገኘው ሙያው ስላደገ ሳይሆን ሰው ወንበሩን ስለሚለቅ ነው። ግን የሰውን ጡረታ መጠበቅ ምን ክብር አለው? ጨዋ ሰው የሚሄደው ዕድገት ወዳለበት ነው።

ወዳጃችንም ሄደ። በአራት ወር ያሠለጥናል ወደተባለ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ቀን እየነዳ ሌሊት እያጠና የምስክር ወረቀቱን ያዘ፤ ትጋቱን ያለ ሽሙጥ አደንቃለሁ። ከዚያ በኋላ ነበር ስልኩን አግድም አዙሮ የቀሩትን ዐምዶች ያየው። አንዱ «የመጀመሪያ ዲግሪ» ይላል። ቀጣዩ «በተዛማጅ ሙያ የሥራ ልምድ፦ ከ5 ዓመት በታች» ይላል። ትርጉሙን ሲጠይቀኝ እንደተረዳሁት ነገርኩት፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኔትወርክ ወይም በሲስተም ጥበቃ ጥቂት ዓመት ሠርቶ የሚመጣ ነው ማለት ነው። እሱ ግን «ከ5 በታች ከሆነ ዜሮም ይገባል» አለኝ። በሒሳቡ እንከን የለበትም፤ ቀጣሪዎቹ ብቻ አልተስማሙበትም።

ሠንጠረዡም ቢሆን ትሑት ነው፤ የሚቆጥረው ሥራውን እንጂ ሥራ ፈላጊውን አይደለም። ያችን 33 በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ሺህ ሰው አይቶ ለአራት ወር ትምህርት እንደተመዘገበ የሚነግር ዐምድ የለውም። በቨርጂኒያ ካለው የዚህ ሙያ ሥራ ብዙው ለመንግሥት ተቋራጮች የሚሠራ በመሆኑ ዜግነትና የምስጢር ፈቃድ እንደሚጠይቅም አይናገርም፤ ወዳጃችን ግሪን ካርዱን ይዞ በሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው የሰማው። ክፉ አማካሪ ቢኖረው ኖሮ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሰፈሩ የወጡ ሃያ የቅጥር ማስታወቂያዎችን አንብቦ ስንቱ ልምድ፣ ስንቱ ፈቃድ እንደሚጠይቅ በወረቀት እንዲቆጥር ይመክረው ነበር። ደግነቱ እኛ ጓደኞቹ ነበርንና አጨበጨብንለት።

በ2025 የ2024–34 ትንበያ ሲወጣ 33ቱ ወደ 29 ወርዶ አገኘው። አላዘነም፤ ያዘነው በሙያው ላይ ነው፣ «ቀዘቀዘ» አለን። ባለፈው ማኅበር ላይ ስልኩን እንደገና አውጥቶ ከሠንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጠውን አሳየን፦ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጥገና ባለሙያ፣ 50 ከመቶ። ነርሷ ድፎውን እየቆረሰች «የት ነው የሚሠራው?» አለችው። በቴክሳስና በአዮዋ፣ ከመሬት ሰማንያ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ባለ ምሰሶ አናት ላይ መሆኑን አነበበላት። እዚያ የተሰበሰብነው ሁሉ ግን ከፍታ ስለሚያዞረው ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት እንደተዛወረ እናውቃለን፤ ዕቃውን ያጋዝነው እኛ ነን።