የነርሶች ርክክብ ከ«ኤ» ይጀመር

«የፈረቃዬ ማስታወሻ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ በኤስባር ስጽፈው ግን የቱን የት እንደማስገባ ይጠፋኛል።» ይህን የጠየቀችኝ ጅማ ውስጥ በወላዶች ክፍል የምትሠራ ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት።

የእኔ አቋም ኤስባር፣ ማለትም ተረኞች ታካሚን የሚረካከቡበት ባለ አራት ክፍል ቅጽ፣ የሚነበበው ከ«ኤስ» ቢሆንም መጻፍ ያለበት ከ«ኤ» ጀምሮ ነው የሚል ነው። «ኤስ» አሁን ያለው ሁኔታ፣ «ቢ» መነሻው ታሪክ፣ «ኤ» የነርሷ ግምገማ፣ «አር» ደግሞ ቀጥሎ መደረግ ያለበት ነው። ቅጹን ከላይ ወደ ታች የሚሞላ ሰው ግን ችግሩ ምን እንደሆነ ገና ሳያስብበት «ኤስ» ላይ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ቦታው ላይ ዕድሜና ሐኪሙ ካርድ ላይ የጻፈው የበሽታ ስም ይሰፍራል። እነዚህ ትናንትም የነበሩ ናቸውና ቦታቸው «ቢ» ነው፤ «ኤስ» ላይ መጻፍ ያለበት በዚህ ፈረቃ የተለወጠው ነገር ነው።

ነገሩን በአንድ ማሳያ ልግለጸው። ማሳያውን ያዘጋጀሁት በየጊዜው ካየኋቸው ብዙ ወረቀቶች ነው እንጂ የአንዲት ታካሚ ታሪክ አይደለም። ከአጋሮ አካባቢ ጤና ጣቢያ በሪፈር የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች የ24 ዓመት እናት አለች እንበል። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም፣ ስላለባት ማንቀጥቀጥን ለመከላከል ማግኒዚየም ሰልፌት ተጀምሮላታል። የመነሻውን መጠን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም በጡንቻ፣ ማለትም በ7 ሰዓትና በ11 ሰዓት ተወግታለች። የወለደችው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ርክክቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የተረኛዋ ወረቀት የሚከተለውን ይላል።

«ቁ. 7፦ ግፊት 150/100፤ የኩላሊት ምርመራ ላብራቶሪ ተልኳል፤ ሕፃኑ ጡት ይዟል፤ ማግ 3:00፤ ሽንት 90፤ አንሶላ ይቀየር፤ ትንፋሽ 16፤ ደም ትንሽ፤ እናቷ እንቅልፍ አበዛች አለች፤ ጉልበት ደከም ያለ፤ ካልሲየም የለም።»

እዚህ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር የለም። አደጋው ያለው መርፌው እንደ ሥራ፣ ሽንቱና የጉልበቱ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ጉልበት ሲመታ እግር የሚሰጠው ምላሽ፣ እንደ ምልከታ ተለያይተው በመቀመጣቸው ነው። አዲሷ ተረኛ ከዝርዝሩ የምትወስደው በመጀመሪያ ሰዓቱን ነው፤ 3 ሰዓት ሲሞላ መርፌዋን ይዛ ወደ አልጋ 7 ትሄዳለች። ማግኒዚየም ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ሲቀንስ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስን ያደክማል፣ ሲብስ ደግሞ ትንፋሽን ያቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጣይ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ።

አሁን ወጪዋ ተረኛ ለእያንዳንዱ ቀሪ ሥራ «ይህን ለማድረግ የሚፈቅድልኝ የትኛው ምልከታ ነው?» ብላ ትጠይቅና ሁለቱን በመስመር ታገናኛቸው። ከ«ማግ 3:00» የሚነሳው መስመር ወደ ሽንቱ፣ ወደ ትንፋሹና ወደ ጉልበቱ ይሄዳል። «ሽንት 90» ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከረጢቱ የተራገፈው ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑ ሲጻፍበት ግን በ4 ሰዓት 90 ሚሊ ሊትር መሆኑ ይታወቃል። ቢያንስ 120 መሆን ነበረበት። ትንፋሹም 16 ተብሎ ብቻውን ሲነበብ ደህና ይመስላል፤ ከመርፌው በፊት በ11 ሰዓት 20 እንደነበረ ሲታከልበት ወደ ወሰኑ እየወረደ መሆኑ ይታያል። የደከመው ጉልበትና እናቷ ያስተዋለችው እንቅልፍም ወደዚያው ያመለክታሉ። ሽንቱ የቀነሰው የሽንት ቱቦው፣ ካቴተሩ፣ ታጥፎ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ያንን ሳያዩ መደምደም አይገባም።

ብዙ ነርሶች እዚህ ላይ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ግምገማ የሐኪም ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። «ኤ» የበሽታ ስም መስጠት ሳይሆን ያዩትን አገናኝቶ ያሰጋውን መናገር ነው። «ማግኒዚየም እየተጠራቀመባት እንዳይሆን እሰጋለሁ» ብሎ መጻፍ የማንንም ሥልጣን አይነካም፤ ይህን ያልጻፈች ነርስ ግን ስድስት ሰዓት አልጋው አጠገብ ሆና ያወቀችውን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ኤ» ከተጻፈ በኋላ ሌላው በቀላሉ ይከተላል። ሲያልቅ እንዲህ ይነበባል።

«ኤስ፦ አልጋ 7፤ የማግኒዚየም መርፌ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይደርሳል፣ ነገር ግን ሽንቷ ቀንሷል፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ ደክሟል። ቢ፦ የ24 ዓመት፣ የመጀመሪያ ወሊድ፣ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ፤ ዛሬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ወልዳለች፤ የመጨረሻው 5 ግራም ከቀኑ 11 ሰዓት ተሰጥቷል። ኤ፦ ሽንት ከ10 እስከ 2 ሰዓት 90 ሚሊ ሊትር፣ ካቴተሩ አልታጠፈም፤ ትንፋሽ ከ20 ወደ 16 ወርዷል፤ ግፊት 150/100፤ እንቅልፍ ይጫናታል፤ ማግኒዚየም እየተጠራቀመ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አር፦ የ3 ሰዓቱ መርፌ ሐኪሙ መጥቶ ሳያያት አይሰጥ፤ ሐኪሙ አሁኑኑ ይጠራ፤ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ከፋርማሲ መጥቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ የኩላሊት ምርመራው ውጤት ይጠየቅ።»

ካልሲየሙ የማግኒዚየም ማርከሻ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ካልሲየም የለም» የሚለው ቃል ከአንሶላው ጋር እኩል የዕቃ ጉድለት ይመስል ነበር፤ ከ«ኤ» ጋር ሲያያዝ ግን ቀድሞ የሚፈጸም ሥራ ሆነ። የደም ግፊቱም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም፤ መርፌው ቢዘገይ የማንቀጥቀጥ ስጋቱ እንዳለ ስለሚቆይ፣ ማቆም ወይም መቀጠሉን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሰዓትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። «3:00» ብቻ ተብሎ የተጻፈን አንዱ የምሽት 3 ሰዓት ብሎ ሲያነበው፣ በፈረንጅ ሰዓት ማዘዝ የለመደ ሌላ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ሊለው ይችላል። «ከምሽቱ» የሚለውን ቃል መጨመር ይህን ይዘጋዋል።

ሠላሳ ታካሚ ላለበት ክፍል ይህ ሁሉ ይቻላል ወይ የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ኤስባር መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምና ያመጡት በአሜሪካው የጤና ድርጅት ካይዘር ፐርማነንቴ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ ማይክል ሌናርድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የተበጀውም አንድን አጣዳፊ ጉዳይ ባጭሩ ለማስረዳት እንጂ የአንድን ክፍል ሥራ ሁሉ ለመዘርዘር አይደለም። ስለዚህ ሙሉውን የምጽፈው ሁኔታቸው ለተለወጠና ቀጣይ ሥራቸው በምልከታ ላይ ለተንጠለጠለ ታካሚዎች ነው፤ ለሌሎቹ አንድ መስመር ይበቃል። አንሶላውና የሕፃኑ ጡት መያዝ ከ«አር» በታች መስመር ተሰምሮ ይጻፉ እንጂ ከመርፌው ጋር አይቀላቀሉ።

የአልጋ 7 ጽሑፍ ዴስክ ላይ ተነቦ ብቻ መፈረም የለበትም። ሁለቱ ተረኞች አብረው ወደ አልጋው ይሂዱ፣ ትንፋሹን ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ ጉልበቷንም ተራ በተራ ይምቱ፤ «ደከም ያለ» የሚለው ቃል ለሁለቱም አንድ ነገር ማለቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። ገቢዋ ተረኛ «የ3 ሰዓቱን መርፌ ሐኪም ሳያያት አልሰጥም» ብላ በራሷ አፍ ስትመልስ ወጪዋ ትፈርማለች።