ኮቱ የታለ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮት ለመልበስ ኮት መግዛት ቀርቷል። ፎቶ ቤት መግባት ይበቃል። ድሮ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ አንድ ኮት ይንጠለጠል ነበር። ሥራ ፈላጊ ሁሉ በየተራ ይለብሰዋል። እጅጌው ቢያጥርም ግድ የለም፤ ጉርድ ፎቶ እጅ አያሳይም። አሁን ኮቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ያው አሁንም አንድ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ ተከተልኩት። ከታች አረንጓዴ ቁምጣ፣ ከላይ ደማቅ ቀይ ማሊያ። የተጠየቀው ግን ጌጥ የሌለው ኮሌታና ረጋ ያለ ቀለም ነው። ፎቶ አንሺው ምንም አልመሰለው።

"ችግር የለም ወንድሜ፣ እኔ አለብስሃለሁ።"

ከአንገቱ በላይ ቆርጦ ጥቁር ኮት ላይ ሰካው። የሚያብረቀርቅ ከረባትም አለው። ልጁ ሚኒስትር ሆነ፤ ግን የተዋሰው አካል ያለው ሚኒስትር። ጭንቅላቱ ዘንበል ብሏል፣ ትከሻው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱን ብርሃን ከቀኝ ይመታዋል፣ ኮቱን ከግራ። በአንገቱና በኮሌታው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ይባስ ብሎ አገጩ ሥር ቀይ ነገር ይታያል። ደማቅ ልብስ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙን ወደ ቆዳ ይመልሳል። ማሊያው ተቆርጦ ቢወጣም ቅላቱ አንገት ላይ ቀርቷል።

እኔ ደግሞ ነገር አላልፍም። "እንደገና አንሳው" አልኩ። ፎቶ አንሺው እያጉረመረመ የራሱን ግራጫ ቲሸርት አዋሰው። አንገቱ ሰፋ ያለ ስለሆነ የልጁ አንገት እስከ ሥሩ ይታያል። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አገጩን አስተካከለ። አሁን ኮቱ ቀርቶ ተራ ሸሚዝ ተመረጠለት። ነጩ ሸሚዝ ከነጩ የፎቶ ጀርባ ጋር ተዋህዶ ትከሻውን ዋጠው፤ በፈዛዛ ሰማያዊ ተተካ። ኮሌታው በሁለቱም በኩል አንገቱን እስኪነካ ጠበበ። በመጨረሻ አንገትና ኮሌታ የሚገናኙበት ላይ ስስ ጥላ ተቀባ። ጥላው ባይኖር ጭንቅላቱ ሸሚዙ ላይ የተቀመጠ እንጂ ከውስጡ የወጣ አይመስልም።

ማመልከቻ ተቀባይዋ ፎርሞቹን ስታገላብጥ አየሁ። ኮት፣ ኮት፣ ኮት። ሁሉም ግራ ደረታቸው ላይ አንድ ዓይነት እጥፋት፣ ሁሉም ያው ከረባት። የእኛን ልጅ ስታገኝ ቀና ብላ አየችውና "አንተ ኮት የለህም?" አለችው።

የኮቱን ፎቶ እናቱ አልጣለችውም። አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው። አጎቱ ከገጠር መጥተው አዩና ወደዱት።

"ይችን ኮት ለጥር ሠርግ አውሰኝ።"

"ፎቶ ቤት ነው ያለው፣ አጎቴ።"

"ታዲያ ሂድና አምጣዋ! ሰው ልብሱን እንዲህ ሰው ቤት ይተዋል?"